ሦስት ቁጥር ከገጠመ ስንት ይቀራል? የዕጣ ጨዋታን ዕድል በገዛ እጅ ማስላት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነው። የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ስለሚያውቅ "ቲቸር" ይለኛል። አንድ ቀን ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ።

"ቲቸር፣ ትናንት ማታ ሦስቱ ገጠሙልኝ እኮ! ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ። ደርሻለሁ ማለት ነው አይደል?"

ጨዋታው በስልክ የሚቆረጥ የቁጥር ዕጣ ነው። ከ1 እስከ 40 ካሉት ቁጥሮች አምስት ትመርጣለህ። ማታ አምስት ቁጥር ይወጣል። የአንዱ ትኬት ዋጋ 20 ብር ነው። አምስቱም ከገጠሙ 2,000,000 ብር፣ አራት ከገጠሙ 5,000፣ ሦስት ከገጠሙ 200 ብር ይከፈላል። ሁለት ከገጠሙ የከፈልካት 20 ብር ትመለሳለች። አንድ ወይም ዜሮ ከሆነ ምንም የለም።

ልጁ ያሰበው ሁላችንም በተፈጥሮ የምናስበውን ነው። ከአምስት ሦስት ካገኘሁ ከግማሽ በላይ ሄጃለሁ ብሎ ነው። ያን ቀን ጥያቄውን በመንገድ ላይ መመለስ አልቻልኩም። ቅዳሜ ከሰዓት ደብተር ይዘን ቁጭ አልንና አንድ በአንድ ሠራነው። የሠራነውን በዚያው ቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ስልካችሁ ላይ ያለውን ጨዋታ ደንብ ይዛችሁ አብራችሁ ሥሩ።

መጀመሪያ፦ ደንቡን አንብቡ፣ ሦስት ቁጥር ጻፉ

ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው። ጠቅላላ ስንት ቁጥር አለ? ስንት ቁጥር ይወጣል? እናንተ ስንት ትመርጣላችሁ? የልጁ ጨዋታ 40፣ 5፣ 5 ነው። አንዳንድ ጨዋታ ላይ የሚወጣው ከምትመርጡት ይበልጣል። ለምሳሌ ኬኖ ላይ 80 ቁጥር አለ፣ 20 ይወጣል፣ እናንተ ግን ጥቂት ብቻ ትመርጣላችሁ። አሠራሩ አንድ ቢሆንም የምታስገቡት ቁጥር ይለያል። ስለዚህ የአንዱን ጨዋታ መልስ ለሌላው አታውሱ።

አዟሪ የሚሸጠው የወረቀት ሎተሪ ከዚህ ይለያል። እዚያ ቁጥሩ ታትሞ ነው የሚመጣው፣ እናንተ አታቀናጁትም። ለአንደኛው ዕጣ ያላችሁ ዕድል በታተሙት ትኬቶች ብዛት ልክ ነው። አንድ ሚሊዮን ከታተመ ከአንድ ሚሊዮን አንድ። ሌላ ስሌት አይፈልግም።

ቀጥሎ፦ ስንት ዓይነት ትኬት ሊቆረጥ እንደሚችል ቁጠሩ

የመጀመሪያውን ቁጥር ከ40 ትመርጣላችሁ። ሁለተኛውን ከቀሩት 39፣ ሦስተኛውን ከ38፣ አራተኛውን ከ37፣ አምስተኛውን ከ36። ሲባዛ፦

```
40 × 39 × 38 × 37 × 36 = 78,960,960
```

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ልጁም እዚህ ላይ "በቃ፣ 79 ሚሊዮን!" ብሎ እስክሪብቶውን ሊያስቀምጥ ነበር። ግን ይህ ቁጥር ቅደም ተከተልን ቆጥሯል። 7፣ 12፣ 19፣ 28፣ 33 ብላችሁ ብትመርጡ ወይም 33፣ 7፣ 28፣ 12፣ 19 ብላችሁ ብትመርጡ ትኬቱ ያው ነው። አምስት ቁጥር በ120 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊደረደር ይችላል፤ 5 × 4 × 3 × 2 × 1 ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትኬት 120 ጊዜ ተቆጥሯል። በ120 እናካፍላለን፦

```
78,960,960 ÷ 120 = 658,008
```

ትምህርት ቤት ኮምቢኔሽን ብለን የተማርነው ይህንን ነው። ጉግል ሺትስ ወይም ኤክሴል ካላችሁ በአንድ መስመር ይወጣል፦

```
=COMBIN(40,5)
```

የሳይንስ ካልኩሌተር ከሆነ nCr የሚለውን ቁልፍ ፈልጉ። 40፣ ከዚያ ቁልፉ፣ ከዚያ 5።

በ120 ማካፈሉ ካላሳመናችሁ በትንሽ ቁጥር ፈትኑት። ልጁም እንዲህ ካልሆነ አላመነም ነበር። ከ1 እስከ 5 ካሉት ሁለት ምረጡ። በማባዛት 5 × 4 = 20 ይመጣል። በ2 ሲካፈል 10። አሁን በእጅ ዘርዝሩ፦ 1-2፣ 1-3፣ 1-4፣ 1-5፣ 2-3፣ 2-4፣ 2-5፣ 3-4፣ 3-5፣ 4-5። አሥር ናቸው። ይቺን አሥር አትርሷት፣ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

እንግዲህ አምስቱም የመግጠም ዕድል ከ658,008 አንድ ነው። ማታ ማታ አንድ ትኬት የሚቆርጥ ሰው በአማካይ አንድ ጊዜ ለማግኘት 1,800 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከንጉሥ ኢዛና ዘመን በፊት ጀምሮ በየማታው መቁረጥ ማለት ነው።

ከዚያ፦ ከፊል የገጠመውን ቁጠሩ

የልጁ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው። በትክክል ሦስት የሚገጥም ትኬት ስንት አለ?

ዕጣው ከወጣ በኋላ 40ዎቹን ቁጥሮች በሐሳባችሁ ለሁለት ክፈሉ። አምስቱ የወጡ ናቸው፣ 35ቱ ያልወጡ ናቸው። ሦስት የገጠመ ትኬት ከወጡት ሦስት፣ ካልወጡት ደግሞ ሁለት ይዟል። ከአምስት ሦስት የሚመረጠው በ10 መንገድ ነው። ሦስት መውሰድ ማለት ሁለት መተው ስለሆነ ያቺው አሥራችን ናት። ካልወጡት 35 ውስጥ ሁለት የሚመረጠው በ35 × 34 ÷ 2 = 595 መንገድ ነው። እያንዳንዱ ሦስትዮሽ ከእያንዳንዱ ጥንድ ጋር ሊሄድ ስለሚችል እናባዛለን፦

```
10 × 595 = 5,950
```

እዚህ የሚሠራው ስህተት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ሰው አሥሯን ያገኝና ያቺን 595 ይረሳል። የተሳሳቱት ሁለቱ ቁጥሮችም መቆጠር አለባቸው፣ ትኬቱ ላይ አሉና። የተረሳ እንደሆነ በኋላ የሚያጋልጥ መፈተሻ አለ።

በዚሁ መንገድ ሁሉንም ስንሠራ ይህ ይመጣል፦

```
5 የገጠመ        1
4 የገጠመ        5 × 35 = 175
3 የገጠመ       10 × 595 = 5,950
2 የገጠመ       10 × 6,545 = 65,450
1 የገጠመ        5 × 52,360 = 261,800
ምንም ያልገጠመ    324,632
ድምር          658,008
```

መፈተሻው ድምሩ ነው። ስድስቱ መስመሮች ተደምረው ጠቅላላውን 658,008 መስጠት አለባቸው። አንድም ቢጎድል ወይም ቢበልጥ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። እኛ መጀመሪያ ስንደምር አልመጣም። ልጁ አራት የገጠመውን 5 ብቻ ብሎ ነበር፣ ያቺን 35 ትቶ። ድምሩ በ170 ጎደለና ወዲያው አገኘነው። ይህን መፈተሻ ሳታደርጉ ወደ ገንዘቡ አትሂዱ።

በሺትስ አንዱን መስመር ብቻ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ይህ ሦስት የመግጠምን ዕድል ይሰጣል፦

```
=HYPGEOMDIST(3,5,5,40)
```

መልሱ 0.009 ገደማ ነው። ከ111 ትኬት አንድ ማለት ነው። ቅንፉ ውስጥ ያሉት በቅደም ተከተል የሚገጥመው፣ የምትመርጡት፣ የሚወጣውና ጠቅላላው ናቸው።

አሁን ወደ ልጁ "ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ" እንመለስ። ሰንጠረዡን ተመልከቱት። ሦስትና ከዚያ በላይ የሚገጥሙ ትኬቶች 6,126 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 5,950ው ሦስት ላይ ቆመው ይቀራሉ። እስከ አምስት የሚደርሰው አንድ ብቻ ነው። ከሦስት ወደ አምስት ያለው መንገድ ከዜሮ እስከ ሦስት ካለው እጅግ ይረዝማል። ሦስት የገጠመለት ሰው አንድ አንድ ትኬት ከሚቆርጡ 111 ሰዎች አንዱ እንጂ ለሚሊዮኑ የቀረበ ሰው አይደለም።

በሌላ በኩልም እንየው። ዕጣው እየወጣ ነው፣ መጀመሪያ የወጡት ሦስቱም የእናንተ ናቸው እንበል። ልባችሁ ይመታል። ገና 37 ቁጥር ቀርቷል፣ ሁለት ይወጣል። 37 × 36 ÷ 2 = 666 ዓይነት ጥንድ አለ፣ የእናንተ አንዱ ነው። ያን ጊዜም ዕድሉ ከ666 አንድ ነው። የልጁ ዕጣ ደግሞ ወጥቶ አልቋል። የሚቀረው ነገር የለም። ነገ ሲቆርጥ ከአዲስ ነው የሚጀምረው፣ ማሽኑ ትናንት ማን ስንት እንደገጠመለት አያስታውስም። "ይሄ ቁጥር ከወጣ ቆየ፣ ተራው ነው" የሚባለውም በዚሁ ይመለሳል።

አራተኛው ሥራ፦ ገንዘቡን አስሉ

ሁሉንም ዓይነት ትኬት አንድ አንድ ቆረጣችሁ እንበል። 658,008 ትኬት በ20 ብር 13,160,160 ብር ያስወጣል። ሽልማቱ ሁሉ ይደርሳችኋል። ከአምስት የገጠመው 2,000,000፣ ከአራት የገጠሙት 875,000፣ ከሦስት የገጠሙት 1,190,000፣ ሁለት ሁለት ከገጠሙት 1,309,000። ድምሩ 5,374,000 ብር ነው። ለትኬቶቹ ብዛት ሲካፈል በአንድ ትኬት 8 ብር ከ17 ሳንቲም ይመጣል። ከከፈላችሁት 20 ብር ላይ 11 ብር ከ83 ሳንቲሙ እዚያው ይቀራል።

ከትልልቁ ሽልማት ላይ ግብርም ይቆረጣል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ1,000 ብር በላይ ለሆነ የዕጣ ሽልማት የተቀመጠውን 15 በመቶ ብንወስድ አማካዩ ወደ 7 ብር ከ51 ሳንቲም ይወርዳል። ስታሰሉ በጊዜው ያለውን መጠን ያዙ።

ግን እዚህ ቆም በሉ። እኔ በጣም ልታዩት የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ያ 8 ብር ከ17 ከየት መጣ? ከ3 ብር የሚበልጠው ከሁለት ሚሊዮኑ ነው። 1 ብር ከ33 ያህሉ አራት ከመግጠም ነው፣ እሱም ከ3,760 ትኬት አንዴ የሚመጣ ነው። ተራ ተጫዋች በእጁ የሚያየው ሁለትና ሦስት የመግጠሙን ብቻ ነው። ያ ሲደመር 3 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ማለትም በወረቀት ላይ 41 በመቶ የሚመልስ ጨዋታ በተግባር ለአብዛኛው ሰው የሚመልሰው 19 በመቶውን ነው። ስለዚህ ስታሰሉ ሁለት አማካይ ጻፉ፦ አንዱን ከሁለቱ ትልልቅ ሽልማቶች ጋር፣ ሌላውን ያለነሱ። ኪሳችሁ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

አምስተኛው፦ ከራሳችሁ መዝገብ ጋር አነጻጽሩ

ልጁ የሚከፍለው በቴሌብር ስለሆነ መዝገቡ ሁሉ ስልኩ ላይ አለ። ወደ ኋላ ሄደን ቆጠርነው። 200 ትኬት ቆርጧል፣ 4,000 ብር። ሁለት የገጠመለት 17 ጊዜ ነው፣ 340 ብር። ሦስት የገጠመለት ሁለት ጊዜ ነው፣ 400 ብር። የገባለት በሙሉ 740 ብር ነው። ያለ ትልልቁ ሽልማት ያወጣነው አማካይ በ200 ሲባዛ 760 ይሆናል።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ "እኔ እኮ ትንሽ የበላሁ ነበር የሚመስለኝ" አለ። ለዚህም ምክንያት አለው። ከአሥር ትኬት አንዱ ያህል ገንዘቡን ስለሚመልስ ስልኩ በየጊዜው "አሸንፈዋል" የሚል መልእክት ይልክለታል። ያ መልእክት ግን የራሱ 20 ብር መመለስ ነው። መዝገቡን ስትቆጥሩ የመጣውን መልእክት ሳይሆን የገባውን ብር ከወጣው ጋር አስተያዩ።

ይህ ንጽጽር ሌላም ጥቅም አለው። እስካሁን ያሰላነው ሁሉ ዕጣው በእኩል ዕድል ይወጣል ብለን ነው። ኳስ ከሚሽከረከርበት ማሽን በዓይን ይታያል። ስልክ ላይ ግን ቁጥሩን የሚያወጣው ፕሮግራም ነው፣ ውስጡ አይታይም። ልታዩ የምትችሉት ውጤቱን ነው። በ200 ትኬት ሁለት የመግጠሙ ቁጥር 20 ገደማ መሆን አለበት። 12 ወይም 28 ቢሆን ያጋጥማል፣ አያሳስብም። ከ8 በታች ከወረደ ግን በዕድል ብቻ ለማለት ይከብዳል፣ ደንቡን ደግማችሁ አንብቡ። ምናልባት የሚወጣው ከ40 ሳይሆን ከሌላ ቁጥር ይሆናል። የልጁ 17 ጤነኛ ነው። ይህ መፈተሻ ግን ስለ ሁለት ሚሊዮኑ ምንም አይነግራችሁም። ከ658,008 አንዴ የሚመጣን ነገር በ200 ትኬት ማረጋገጥ አይቻልም።

በመጨረሻ፦ በቴሌግራም ለሚካሄደው ዕጣ

የብሎካችን አንድ ነዋሪ ይህን ስንሠራ ሰምቶ የራሱን አመጣ። በቴሌግራም የተከፈተ ዕጣ ነው። ከ1 እስከ 100 ቁጥር አለ፣ አንዱ 150 ብር ነው። ሦስት ሽልማት አለ፣ ዋጋቸው ሲደመር 9,000 ብር ነው። ቁጥሩ ሁሉ ከተሸጠ 15,000 ብር ይሰበሰባል። ስለዚህ ከ150 ብሩ 90ው ይመለሳል። ከልጁ ጨዋታ በጣም ይሻላል።

ሰውየው 30 ቁጥር ገዝቷል። "አንዱ ቁጥር 3 በመቶ ነው፣ በ30 ስታበዛው 90 በመቶ። ቢያንስ አንዱን አላጣውም" አለ። ለአንድ ትኬት ልክ ነው፣ ለሁለት ሦስት ትኬትም ብዙ አያሳስትም። ለ30 ግን አይሠራም። በዚሁ መንገድ ብትሄዱ 40 ትኬት 120 በመቶ ይሰጣል፣ እንዲህ ያለ ዕድል የለም። ስህተቱ ሁለት ወይም ሦስት ሽልማት አንድ ላይ የሚደርስበትን ሁኔታ ደጋግሞ መቁጠሩ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የተገላቢጦሹን ማስላት ነው። ምንም የማይደርሰው መቼ ነው? ሦስቱም ሽልማት እሱ ካልያዛቸው 70 ቁጥሮች ላይ ሲወድቅ ነው።

```
=1-COMBIN(70,3)/COMBIN(100,3)
```

ከ70 ሦስት በ54,740 መንገድ፣ ከ100 ሦስት በ161,700 መንገድ ይመረጣል። ሲካፈል 34 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድሉ 66 በመቶ ነው እንጂ 90 አይደለም። ከሦስት ጊዜ አንዴ 4,500 ብሩ ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኩት። "ሁሉም ቁጥር ተሸጧል?" አልተሸጠም ነበር። ገጹ ላይ ስንቆጥር 60 ብቻ ነው ስም የተጻፈበት። ይህ ስሌቱን ይለውጠዋል። ዕጣው ከተሸጡት 60 ብቻ ከወጣ፣ እሱ ከ60 ግማሹን ይዟል፦

```
=1-COMBIN(30,3)/COMBIN(60,3)
```

88 በመቶ ይሆናል። ያልተሸጡት 40ም አብረው ከገቡ ግን ዕድሉ 66 ላይ ይቀራል፣ ያልተሸጠ ቁጥር ሲወጣም ሽልማቱ ለአዘጋጁ ይቀራል። ያው ትኬት፣ ያው 4,500 ብር፣ በአንድ ደንብ ብቻ ይህን ያህል ይለያያል። ደንቡ ደግሞ ገጹ ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ስክሪንሾት አድርጉ፦ ያልተሸጠ ቁጥር ዕጣው ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ሎተሪ ማካሄድ ፈቃድ ስለሚጠይቅ የፈቃድ ቁጥሩንም አብራችሁ ጠይቁ። የተሸጡትን ቁጥሮች ዝርዝር ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ቅዱ፣ ከወጣ በኋላ አዲስ ስም ተጨምሮ እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ጎረቤቴ ያን ማታ ጽፎ ጠየቀ። እስከ ማግስቱ ጠዋት መልስ አልመጣለትም፤ ዕጣው ግን ሌሊት ወጥቶ አደረ።